አንገቴ ላይ ናት አለች

ከዐረብኛ ወደ አማርኛ መተርጎም እንጀራዬ ከሆነ ወዲህ የሰው ስልክ እፈራለሁ። የራሴን አይደለም፤ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ የሚያስቀምጠውን ነው። ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ጉዳዩ የታወቀ ነው። የጋብቻ ውል ይሆናል፣ የሐኪም ማስረጃ ይሆናል፣ ተርጉሜ ማኅተሜን አሳርፌ እሸኘዋለሁ። የድምፅ መልእክት ይዞ የሚመጣ ግን ምን እንደያዘ ራሱም አያውቅም። እኔ ጆሮዬን ለስልኩ እሰጣለሁ፣ እሱ ዓይኑን ከፊቴ ላይ አይነቅልም።

ክፍሌ ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ናት። ደረጃው የእንጨት ስለሆነ የሚመጣውን ሰው ሳላየው እሰማዋለሁ። ወረቀት የያዘ ቶሎ ቶሎ ይወጣል፤ ድምፅ የያዘ መሐል ላይ ይቆማል። ያን መቆም ስሰማ ብዕሬን አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ልምድ ፍርሃትን ያጠፋል የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል፤ የኔ በልምድ ብሶበታል።

ዐረብኛን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። እናቴ ካርቱም ውስጥ ዛፍ ሥር ሻይ ትሸጥ ነበርና በልጅነቴ ብርጭቆ እያጠብኩ የደንበኞቿን ወሬ ስለቅም አደግሁ። ሹፌሩ፣ ወታደሩ፣ ዘመድ የሞተበት፣ ሚስቱ የተቆጣችው፣ ሁሉም እዚያ በርጩማ ላይ ይቀመጥ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ እንደ ብዙ ሰው በመተማ በኩል የለበስኩትን ልብስ ይዤ ገባሁ። ልብሱ አለቀ፤ ቋንቋው ግን ያበላኛል።

ደንበኞቼ ሁልጊዜ የሚለምኑኝ አንድ ነገር ነው፤ «ቃል በቃል ንገሪን» ይሉኛል። ቃል በቃል ሲባል እውነቱ የሚበዛ ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ይኼን ስሰማ እናደዳለሁ። ዐረቡም እኛም ደስታችንንና ሐዘናችንን የምናስቀምጠው ከገላችን ላይ ነው፤ ቦታው ግን አይገጥምም። እሱ ልቤ ተቆረጠ የሚልበት ቦታ ላይ እኛ አንጀቴ ተበላ እንላለን። እሱ ፊቴን አጠቆረው ሲል እኛ አንገቴን አስደፋኝ እንላለን። «በራሴና በዓይኔ ላይ» ብሎ ሲታዘዝልህ ደግሞ እኛ ገላችንን ሳንነካ «እሺ፣ በደስታ» ብለን እናልፋለን። አንዲት የደባርቅ እናት የልጇ አሠሪ «ደሟ ቀላል ነው» አለች ተብላ ልጄን ደም አነሳት ብላ ስታለቅስ ሰንብታ ነበር። እኔ ዘንድ ስትመጣ ሴትየዋ ያለችው ልጅሽ ተጫዋች ናት፣ ቤቱን አደመቀችው ነው አልኳት። ደመ ግቡ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን እሱ ወደ መልክ ያደላል። እናቲቱ ስቃ ሄደች። እንደዚያ ያለ ቀን ምሳዬ ይጣፍጠኛል።

የዚያ ከሰዓት ግን ደረጃው ላይ መሐል የቆሙት ሁለት ነበሩ። ፊተኛው ጋቢውን አጣፍቶ የለበሰ፣ ከወገራ በኩል የመጣ ጎልማሳ ገበሬ ነው። ኋለኛው ቄስ ናቸው፤ መስቀላቸውን እንደያዙ አረፍ ብለው ተነፈሱና ገቡ። ቄስ ይዞ ወደ አስተርጓሚ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሰውየው የእህቱን ልጅ ነገር አመጣልኝ። ልጅቱ ከጦርነቱ በፊት ኡምዱርማን ገብታ ከአንዲት ብቻዋን ከምትኖር ሱዳናዊት ሴት ቤት ትሠራ ነበር። ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር፤ አንዴ ደኅና ነኝ አለች፣ ከዚያ ዝም። ሰሞኑን አሠሪዋ ወደ እሱ ስልክ የድምፅ መልእክት ላከች። እሱ በወጣትነቱ ከሳንጃ ወዲያ ወርዶ፣ ድንበሩንም ተሻግሮ፣ በሰሊጥ አጨዳ ከሱዳኖች ጋር ክረምትና በጋ ያሳለፈ ሰው ነው። ዐረብኛ አያቅተኝም አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማጭድ፣ ጆንያ፣ ውኃ፣ እጅ፣ እግር፣ አንገት፣ ሁሉንም ያውቃል።

መልእክቱን ብቻውን ደጋግሞ ሰማው፤ ከሰማውም ውስጥ የሚያውቃቸውን ቃላት ለቀመ። እጄ ልቤ ላይ ነው። ልቤን ቆረጠችው። ከጉበቴ የተቆረሰች ናት። ራሴን ከፍ አደረገችው። አንገቴ ላይ ናት። ጀርባዬ ተሰበረ። ይኼን ሁሉ ሲነግረኝ አንገት ላይ ሲደርስ በእጁ የራሱን አንገት ነካና እጁን ቶሎ መለሰ። ልጅቱን አርደዋታል ብሎ ደምድሟል። ከዚያ አገር የሚሰማው ወሬም ሌላ እንዳያስብ አድርጎታል። ጀርባ የሚለውን ግን አልፈራውም፤ አሮጊቷ በሽሽቱ ላይ ወድቃ ጀርባዋን ተሰብራ ይሆናል አለኝ፣ እንደ ትንሽ ነገር።

እናትየዋ አልሰማችም። ቄሱ የነፍስ አባቷ ናቸው። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ፣ እሷ ከቤቷ ሳትወጣ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ሊያረዷት ተማክረዋል። በአገራችን መርዶ እንደዚያ ነው፤ ሰው ልቅሶ ሲጀምር ብቻውን እንዳይሆን አስቀድሞ ሰው በዙሪያው ይቆማል። ነገር ግን ቄሱ ልባቸው አልጸናም። ሰው በሕይወት እያለ መርዶ ከተነገረ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ እናት ቀብራ የጨረሰችውን ልጅ መልሶ ማስነሣት አይቻልም። «እርግጡን ሳንይዝ አንነሣም ብዬ ነው ያመጣሁት» አሉኝ።

ስልኩን ከፈትኩት። የሴትየዋ ድምፅ ደክሟል፣ በመሐሉም ይቆራረጣል። ከኋላዋ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ፤ ጀነሬተር ይሁን ሌላ አላወቅሁም። የኡምዱርማን አነጋገር ነው፣ ከእናቴ ዛፍ ሥር ስሰማው ያደግሁት። አንዴ ሰምቼ እንደገና ከመጀመሪያው ከፈትኩት።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ሰውየውን ከአንገቱ ማላቀቅ ነው። «ፊ ረገብቲ»፣ አንገቴ ላይ፣ ማለት ቢላ የለበትም አልኩት። ዐረብ አደራ የሚያስቀምጠው አንገቱ ላይ ነው፤ እኛ ጫንቃ ላይ። ሴትየዋ ያለችው ልጅቱ አደራዬ ናት፣ ኃላፊነቷ ጫንቃዬ ላይ ነው ማለት ነው። ልቤን ቆረጠችው ማለቷ አንጀቴን በላችው ነው፤ አሳዘነችኝ፣ ራራሁላት። አንጀቴን በላችው የሚለውን ለሱዳን ሰው ቃል በቃል ብነግረው እሱም እንዳንተ ደንግጦ ፖሊስ ይጠራ ነበር አልኩት። ከጉበቴ የተቆረሰች ማለት የአብራኬ ክፋይ ማለት ነው፤ እንደ ወለድኳት አያታለሁ ማለቷ ነው። ራሴን ከፍ አደረገችው ደግሞ በሰው ፊት አንገቴን ቀና አደረገችው ነው። እጄ ልቤ ላይ ነው ማለት ልቤ ተሰቅሎ ነው የሰነበትሁት፣ ፈርቻለሁ ማለት ነው።

ሰውየው ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳብ አድርጎ አለቀሰ። ቄሱ «ተመስገን» አሉና መስቀላቸውን ግንባራቸው ላይ አስነኩ።

እሱ ከለቀማቸው የመጨረሻውን ቃል ግን አልነገርኳቸውም። «ደህሪ ኢንከሰር»፤ ጀርባዬ ተሰበረ። እኔን ያስፈራኝ እሱ የናቀው ቃል ነበር። ሻይ እየቀዳሁ ይኼን ቃል የሰማሁት ወንድም ከሞተበት፣ አባት ከሞተባት፣ የሚደገፉትን ሰው አፈር ካለበሱ ሰዎች አፍ ነው። ለአጥንት ስብራት ቢሆን የወደቀችበትን፣ ሐኪሙን፣ ሕመሙን ትናገር ነበር። እሷ ብቻውን አለችው፣ ድምፅዋም እዚያ ላይ ወደቀ። በአማርኛ ወደ ትክክለኛ ቦታው ላስቀምጠው ብል ያለው አንድ ነገር ነው፤ ወገቤ ተቆረጠ። የኛ ሰው ይኼን የሚለው መቼ እንደሆነ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ «ወደ እናቷ እጅ እስከማስረክባት» አለች፣ «ይቅር በሉኝ» አለች፣ ተቆረጠ። ምኗን ነው የምታስረክበው? ሬሳም ይረከባል። አደራ የበላም ይቅርታ ይጠይቃል። ከዐረብኛው ውስጥ ፍርሃቱን ሁሉ ነቅዬ ጣልኩ ስል አንዱ ቃል እጄ ላይ ቀረ፤ ያም ስተረጉመው ይብስበታል።

ቄሱ ፊቴን እያዩ ነበር። «ልጅቱ ራሷ ምነው አልተናገረች?» አሉ ቀስ ብለው። ሰውየው ጋቢውን ከፊቱ አወረደ። ያ ጀርባ ያልኩሽስ ምንድን ነው አለኝ። ልዋሽ አሰብኩ፤ መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፣ ቃል በቃል ጀርባዬ ተሰበረ ነው ብዬ ብተወው በቃ። ዕድሜ ልኬን የተጣላሁት ቃል በቃል በዚያች ሰዓት መሸሸጊያ ሆኖ ታየኝ። አፌን ሳልከፍት ደረጃው ጮኸ።

መሐል ላይ አልቆመም። ከሥር እስከ ላይ ያለማቋረጥ የወጣች ሴት በሩን ገፋችና ወንድሟንና የነፍስ አባቷን አየች። እናትየዋ ነበረች። ማንም የነገራት የለም። ግን ጎረቤቶቿ ሳትለምናቸው እህሏን ሊያስፈጩላት ወሰዱ፤ እህቷ ያለ ቀኗ መጥታ ቤቷን ጠረገችላት፤ ሴቶች ዓይኗን ማየት ተዉ። በአገራችን ይኼ ሁሉ ሲደረግልሽ ቤትሽ ውስጥ ሊለቀስ ነው። ወንድሟ ከኡምዱርማን የመጣ መልእክት ይዞ ከቄስ ጋር ጎንደር ወረደ ሲሏት ባገኘችው መኪና ተሳፍራ ፒያሳ ደረሰች፤ ዐረብኛ የሚተረጎምበትን ቤት ጠይቃ አገኘችኝ።

ወንድሟ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት። አልተቀመጠችም። ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ እኔ ዞረች።

«ነገሩን ከነሱ ፊት ላይ አይቼዋለሁ። ሴትየዋ ያለችውን ከአፍሽ ልስማ።»

ቄሱን አየኋቸው። ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ንገሪያት ይሁን ተዪ ይሁን እስካሁን አላውቅም። እናቲቱን አስቀመጥኳትና ስልኩን ከፈትኩት፤ በየዐረፍተ ነገሩ እያቆምኩ ነገርኳት። ልቤ ተሰቅሎ ሰነበተ አለች። አንጀቴን በላችው አለች። እንደ አብራኬ ክፋይ ናት፣ በሰው ፊት አንገቴን ቀና አድርጋልኛለች አለች። አደራዋ ጫንቃዬ ላይ ነው አለች። እናቲቱ ለእያንዳንዱ «እሺ» ትላለች፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ። እየሰማች የነበረው ግን የኔን አማርኛ አይመስለኝም፤ የሴትየዋን ትንፋሽ ነው።

እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ስልኩን አቆምኩት። ሰውየው ከኋላዋ ሆኖ በዓይኑ ይለምነኛል፤ ጀርባ በይ፣ ጀርባ በይና እለፊ ይላል ዓይኑ። ፈራሁ። በቦምብ ድምፅ ውስጥ ቤቴን ጥዬ ስወጣ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም፤ ያን ጊዜ የምፈራው ለራሴ ብቻ ነበር። ይችን ሴት ግን እዚያ ድረስ በእውነቱ አድርሻት መጨረሻው ላይ ልከዳት አልቻልኩም።

«ወገቤ ተቆረጠ አለች፣ እማማ።»

ከሥር የፎቶ ኮፒው ማሽን ይሰማል። እናቲቱ ትጮኻለች፣ ደረቷን ትደቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ቄሱም ሊይዟት ተነሥተዋል። እሷ ግን እጆቿን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች ቆየች።

«ማን ሞቶባት?» አለችኝ።

አልተናገረችም አልኳት። ወንድሟ ሊናገር ሲል በእጇ ዝም አሰኘችው። የሞተችው የኔ ልጅ ከሆነች ወገቡ የሚቆረጠው የኔ ነው፤ እሷ ደግሞ ወገቤ ተቆረጠ ካለች የራሷ ሰው ሞቶባታል፣ ሐዘንተኛ ናት አለች። ይኼን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ከንፈሯ ግን ነጭ ሆኗል። አምናበት ይሁን ራሷን እያጽናናች ይሁን መለየት አልቻልኩም። ቄሱ ቀስ ብለው እሷን የምትደግፋት ልጅሽ ብቻ ከሆነችስ ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው። እኔም የፈራሁት እሱን ነበር፤ ብቻዋን ያለች አሮጊት የምትደገፈው በማን ነው?

«እንግዲያ ሐዘንተኛን ዝም አይባልም» አለች እናቲቱ። መልስ ልላክ፣ ቃሌን አንቺ አድርሺልኝ አለችኝ። ስልኩን ወደ አፏ አቀረብኩላት። እግዜር ያጽናሽ አለች፤ የሞተብሽን ነፍስ ይማር አለች። ቀጥላም ልጄ እጅሽ ላይ ካለች ምርኩዝ ትሁንሽ አለች። እዚያ ላይ ስልኩን ከአፏ መለሰችው።

ወደ ዐረብኛው መለስኩት። እግዜር ያጽናሽን ሱዳኖች «አልበረካ ፊኩም» ይሉታል፤ በረከቱ በናንተ ይሁን እንደማለት ነው። ምርኩዝ የሚለው ላይ ቆየሁ። ዱላ ብል ቃሉ ይደርሳል፣ ልቡ አይደርስም። እነሱ የሚደገፉትን ሰው ጀርባዬ ይሉታል፤ እሱ ሲሞት ነው የሚሰበረው። ስለዚህ ልጄ ጀርባ ትሁንሽ አልኩላት። በሥራዬ ከተናገርኳቸው ሁሉ እንደዚያ የገጠመልኝ የለም። እናቲቱ ምን እንዳልኩ አልጠየቀችም፤ ድምፄ ከድምፅዋ ጋር መግጠሙን ግን ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው።

የላክነው መልእክት ወዲያው አልደረሰም። ኡምዱርማን መስመር የሚመጣው ሲፈልግ ነው። መርዶው ቀረ፤ መቅረቱም ሌላ ጣጣ አመጣ። ዘመዶቿ ተቆጡ፤ ሬሳ ደብቀው እናትን በተስፋ ያሳብዷታል አሉ፤ ወንድሟ ከሁለቱም ወገን ስድብ ጠጣ። እናቲቱ የወንድሟን ስልክ ተቀብላ እዚሁ ጎንደር ቀሐ ሰፈር ያለች የአክስቷ ልጅ ቤት አረፈችና በየጠዋቱ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ከደንበኞቼ ጋር አታወራም፣ ስልክ ሲጮኽ ብቻ ቀና ትላለች። ባሌ እንኳ ወደ ስልኬ እንዳይደውል ነገርኩት።

ያን ሰሞን ለሌላ ሰው ስተረጉም ትክክለኛ አልነበርኩም። የአንዱን የኩላሊት ምርመራ ሳነብ ሌላ ነገር ለማለት የተነገረ ፈሊጥ መስሎኝ ደጋግሜ አየሁት። ኩላሊት ኩላሊት ነበር። ለምን እንደምስቅ ባለጉዳዩ አልገባውም። እናቲቱም ፈገግ አለች፣ ስለምን እንደሆነ ሳታውቅ፤ ከዚያ መልሳ ወደ ስልኩ። እሷ ስትስቅ ሳያት ያ አሳቤ ይመጣብኛል፤ ነገ ይኼ ስልክ ሌላ ነገር ቢናገር ከዚህ ወንበር ማን ያነሣታል? እኔ ነኝ የምነግራት። ወንድሟም ቄሱም በሌሉበት፣ ጎሕ ሳይሆን ፀሐይ በወጣበት፣ ሰው በዙሪያዋ ሳይቆም። ከእሷ ቀድሜ ገብቼ ከታች ያለችውን የፎቶ ኮፒ ሴት ስጠራሽ ቶሎ ውጪ ብዬ አስጠነቀቅኋት።

መልሱ የመጣው ቀትር ላይ ነው። ወንድሟም ያን ቀን ገበያ ወርዶ፣ ስልኩን ከእሷ ተቀብሎ፣ አብሯት ተቀምጦ ነበር። ስልኩ በእሱ እጅ ተንቀጠቀጠ፤ ወደ እኔ ገፋው። እንደ እሳት ነው የተቀባበልነው። እኔ መጀመሪያ ብቻዬን ልስማው ብዬ ወደ ጆሮዬ ሳነሣው እናቲቱ ክንዴን ያዘችኝ።

«አብረን።»

ከፈትኩት። ያው የሚንኮሻኮሽ ድምፅ። ከዚያ ወጣት ድምፅ «እማዬ» አለ።

ወንድሟ ከወንበሩ ተነሥቶ ግድግዳውን ያዘ። እናቲቱ አልተንቀሳቀሰችም፤ መልእክቱ እየሄደ ነውና አንዱም እንዳያመልጣት ትሰማለች። ልጅቱ ቶሎ ቶሎ ነው የምታወራው፤ መስመሩን በሰዓት የሚያከራይ ሰው አጠገቧ ቆሞ እንደሆነ ያስታውቃል። አማርኛ ነው። ግን የምን አማርኛ ነው? ቃሉ የኛ፣ አጥንቱ የዐረብ። ሸጋ ነኝ እማዬ፣ እጅሽን ልብሽ ላይ አታድርጊ አለች። አሮጊቷ ያን ጊዜ እኔ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ነው ከጎረቤት ስልክ የላከችልሽ፤ ጠርተሽ እንድትወስጂኝ ፈልጋ፣ ለምን አስቀረኋት ብላ ይቅርታ ልትልሽ አለች። የአሮጊቷ ወንድም ሞቶ ጀርባዋ ተሰበረ፤ እሱ ነበር ዳቦ የሚያመጣልን አለች። ሰው ሁሉ ከሰፈሩ ወጥቷል። ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ መኪና ተገኝቶልኝ ነበር፤ በዓይኔና በራሴ ላይ እመጣ ነበር አለች።

«ቃልሽ ደረሰን። ጀርባ ሁኚላት ብለሻልና ጀርባ ሆንኩላት። አንገቴ ላይ ናት፣ እማዬ።»

አበቃ።

አጎትየው ሳቅና ልቅሶ ተደባልቆበት እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ከታች ያለችው ሴት የጠራኋት መስሏት እየሮጠች ወጣች። አለች፣ በሕይወት አለች ሲላት እሷም አብራው እልል ልትል ነበር። እናቲቱ ግን ወደ እኔ ዞራለች። ግንባሯ ተቋጥሯል። ያች ልጅ ከእሷ ሆድ ወጥታ፣ በእሷ ቋንቋ ተናግራ፣ እናቷ አልገባትም።

«አንገቷ ላይ ምን አለባት? ጀርባ ሁኚ መቼ አልኩ?»

ከዚያ ቀን በፊት አማርኛን ወደ አማርኛ ተርጉሜ አላውቅም። ደስታው ገና ፊቷ ላይ ሳይደርስ ልነጥቃት ስለሆነ ፈራሁ። ዞር ብዬ አጎትየውን አየሁት፤ እሱ ለማንም ሳይሆን ለመስኮቱ እየሰገደ ነው፤ አንገት የሚለውን ቃል በዚያች ሰዓት ቢሰማው እንኳ ከእንግዲህ ቢላ አይታየውም።

«ምርኩዝ ትሁንሽ ያሉትን ነው እማማ፤ እነሱ ጀርባ ይሉታል። ቃልዎን ተቀብላለች። አሁን ሴትየዋ የእሷ አደራ ናት፤ ጥያት አልመጣም ነው የምትለው።»

ወደ ጭኗ አቀረቀረች። ለሐዘንተኛ የሚባለውን ነው ያልኩት አለች፣ ለራሷ። ማንም ቢሆን የሚለውን ነው። እኔም ለዚያ ነው ደህና አድርጌ የተረጎምኩት ልላት አልኩና ተውኩት። ሱዳናዊቷ ልጅሽን ውሰጂ ብላ ስትልክባት፣ እናት ባንድ ደግ ቃል መልሳ እዚያው አስቀመጠቻት፤ ያን ቃል ደግሞ ያሻገርኩት እኔ ነኝ፣ አንድም ሳላጎድል።

ተመለሺ ብለን እንላክባት ወይ አልኳት። ቃሌን አላጥፍም፣ ያች ሴትም የሰው ልጅ ናት አለች በመጨረሻ፤ ይኼን ስትል ግን እንባዋ መጣ። «ለአንዲት ነበር የምፈራው። አሁን ለሁለት ሆነ።»

ድጋሚ ክፈቺልኝ አለችኝ። ከፈትኩላት። ልጅቱ «እማዬ» ስትል፣ እጅሽን ልብሽ ላይ አታድርጊ ስትል፣ እናቲቱ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር አስገብታ ልቧ ላይ አሳርፋ ነበር፤ መልእክቱ እስኪያልቅ አላነሣችውም።